ተመን ከመፈለግሽ በፊት ቀኑን እዪ

«ከፒዲኤፍ ኢንቮይሶች ላይ ጠቅላላ ድምሩንና ቀኑን በሶፍትዌር አውጥቼ ኤክሴል ላይ አስገብቻለሁ። ዶላርም ዩሮም አለ። እያንዳንዱን በግብይቱ ቀን ተመን ወደ ብር ለመቀየር የምታውቁት መንገድ ካለ?»

እህቴ፣ ማባዛቱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ቀኑ ስለሆነ ከዚያ ልጀምርልሽ።

1. የቀኑን ዓምድ ሰፋ አድርገሽ እዪው። ከፊሉ ወደ ግራ፣ ከፊሉ ወደ ቀኝ ተጠግቶ ከሆነ ምንም እንዳታባዢ። ኮምፒውተርሽ ቀንን በአሜሪካ አጻጻፍ እንዲያነብ ከተደረገ ወርን ያስቀድማል። 25/07/2024 ሲመጣለት 25ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ግራ ላይ ይተወዋል። 05/09/2024 ሲመጣ ግን ደስ ብሎት ወደ ቀን ይቀይረውና ቀኝ ላይ ያሰልፈዋል፤ ግን ሜይ 9 አድርጎ ነው! ስህተት የሚባል መልእክት አይወጣም።

እኔ ጋ የመጣው ከዱባይ የማሽን ጥገና ድርጅት የ8,400 ዶላር ኢንቮይስ ነበር፤ ቀኑ 05/09/2024። ሴፕቴምበር 5 ማለት ነው፣ በእኛ ነሐሴ 30 ቀን 2016። ኤክሴል ግንቦት 1 አደረገው። ሌላ ዓመት ቢሆን ልዩነቱ ይህን ያህል ባልሆነ ነበር። ግን በመካከል ሐምሌ 22 ቀን ብር በገበያ እንዲመራ ተደርጎ ነበር፤ ግንቦት ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከ100 በላይ ሆኗል። በአንድ ኢንቮይስ ከ360 ሺህ ብር በላይ አሳንሼ መዘገብኩ። እሱም ብቻ አይደለም፦ ግንቦት ያለፈው በጀት ዓመት ስለሆነ ወጪው ሰኔ 30 በተዘጋው ሒሳብ ውስጥ ገባ። ያወቀው ኦዲተሩ ነው። «ኮንትራቱ የተፈረመው ሐምሌ ነው፤ ወጪው እንዴት ግንቦት ላይ ተገኘ?» ሲለኝ ወንበሩ ውስጥ ብገባ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ዓምዱን አስቀድሜ Text አድርጌ እቀበልና B2 ላይ ካለው ጽሑፍ ቀኑን C2 ላይ ራሴ እገነባለሁ፦

```
=DATE(RIGHT(B2,4),MID(B2,4,2),LEFT(B2,2))
```

ይሄ ቀንን አስቀድመው ለሚጽፉ አቅራቢዎች ነው። የአሜሪካ አቅራቢ ካለሽ ለብቻ ለዪው፤ የትኛው እንደሆነ የምታውቂው ከዚያው አቅራቢ ሌላ ኢንቮይስ ላይ ከ12 የሚበልጥ ቁጥር የት እንደተቀመጠ አይተሽ ነው።

2. ተመኑን ከአንድ ምንጭ ውሰጂ። አሁን ባንኮች የየራሳቸውን ስለሚያወጡ ዛሬ ከዚህ፣ ነገ ከዚያ ብትወስጂ ማስረዳት አትችዪም። እኔ የምንከፍልበትን ባንክ መሸጫ እወስዳለሁ፤ ዕዳችንን ስንከፍል የሚያስከፍለን እሱን ስለሆነ። ደግሞ በየቀኑ አውርደሽ አስቀምጪ። እኔ ለኦዲተሩ የቆየ ተመን በማኅተም ለማምጣት አንድ ቅርንጫፍ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ልጅቷ ቀና ሳትል «ድረ ገጽ ላይ አለ» ትለኛለች፤ ድረ ገጹ ላይ ካለ ምን ላደርግ መጣሁ?

እሑድና በዓል ተመን አይወጣም፣ ስለዚህ የመጨረሻውን የሥራ ቀን የሚወስድ ፎርሙላ ያስፈልግሻል። Rates ተመኖቹን ያስቀመጥኩበት ገጽ ነው፤ A ዓምዱ ቀኑን፣ B የዶላሩን ተመን ይይዛል፣ ለዩሮ ኢንቮይስ በB ፋንታ የዩሮውን ዓምድ አስገቢ፦

```
=XLOOKUP(C2,Rates!A:A,Rates!B:B,"",-1)
=XLOOKUP(C2,Rates!A:A,Rates!A:A,"",-1)
```

ሁለተኛው መስመር የተወሰደው ተመን የየትኛው ቀን እንደሆነ ያሳይሻል። እሱን እንዳትዘዪ! ሠንጠረዥሽ ላይ ሁለት ሳምንት ቢጎድል የመጀመሪያው ዝም ብሎ የድሮውን ይሰጥሻል። በኢንቮይሱ ቀንና በተመኑ ቀን መካከል ከአራት ቀን በላይ ካለ እኔ ቀይ አስቀባዋለሁ።

3. ስትከፍዪ ተመኑ ተቀይሮ ታገኚዋለሽ። ያኔ አለቃሽ «ኢንቮይሱን በከፈልንበት አስተካክዪው» ይልሻል፤ የእኔም ብሎኛል። እሺ እንዳትዪ። ወጪው በግብይቱ ቀን ተመን እንደተመዘገበ ይቀራል፣ ልዩነቱ የምንዛሪ ትርፍና ኪሳራ ውስጥ ይገባል። አይኤኤስ 21 የሚለው ይህንኑ ነው። አስቀድማችሁ ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ግን ለዚያ ክፍል የምትጠቀሚው ቀብዱ የተከፈለበትን ቀን ተመን ነው፤ የኢንቮይሱን አይደለም።

ዩሮዎቹ ላይ ደግሞ ድምሩን ራሱን እዪ። ከጀርመንና ከጣሊያን የሚመጣው 1.250,00 ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ የእኔ ሶፍትዌር አንዱን 1.25 ዩሮ ብሎ አውጥቶልኝ ያውቃል። ያንን ግን ከኦዲተሩ በፊት ያገኘሁት እኔ ነኝ።