ከደረሰኝ የተነበበ ዋጋና ቀን የእርጅና ቅናሽ ሠንጠረዥ እስኪሆን ድረስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከፒያሳ፣ የማተሚያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ)፦ «የዲጂታል ማተሚያ ማሽን የገዛንበትን ደረሰኝ በደረሰኝ ማንበቢያ ፕሮግራም ስናስነብበው ዋጋ 1,449,000 ብር፣ ቀን 05/03/2017 ብሎ አወጣልን። ይህን ዋጋ ለአምስት ዓመት ባካፍለው ትክክል ነው?»

መልስ፦ ትክክል አይሆንም። ከጥያቄዎ ጋር በላኩት የደረሰኝ ቅጂ ላይ ማሽኑ 1,200,000 ብር፣ ማጓጓዣና ተከላ 40,000 ብር፣ የኦፕሬተር ሥልጠና 20,000 ብር ተብሎ ተዘርዝሯል፤ የእነዚህ ድምር 1,260,000 ብር ሲሆን በላዩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም 189,000 ብር ተጨምሮበታል። ፕሮግራሙ ያወጣልዎት በስክሪኑ ላይ `InvoiceTotal` ተብሎ የሚታየውን የመጨረሻውን ድምር ነው። ይህ ቁጥር ሻጩ የጠየቀውን ገንዘብ ይናገራል፤ ማሽኑ በመዝገብዎ ላይ ስንት ብር ሆኖ መቀመጥ እንዳለበት ግን አይናገርም።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ተግባራዊ ያደረገቻቸው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች፣ በተለይም ስለ ቋሚ ንብረት የሚደነግገው አይ ኤ ኤስ 16፣ የንብረት ዋጋ የሚባለው የንግድ ቅናሽ ከተነሣለት የመግዣ ዋጋ፣ ተመላሽ ከማይሆን ታክስ እንዲሁም ንብረቱን ወደሚሠራበት ቦታና ሁኔታ ለማድረስ በቀጥታ ከወጣ ወጪ የተገነባው ነው ይላል። ስለዚህ ማጓጓዣና ተከላው ከማሽኑ ጋር ይደመራል፣ የሠራተኛ ሥልጠና ግን በወጣበት ጊዜ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። ድርጅትዎ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነና ታክሱን እንደ ግብዓት ታክስ የሚያቀናንስ ከሆነ፣ የማሽኑ ዋጋ 1,240,000 ብር ነው። ያልተመዘገበ ቢሆን ኖሮ ታክሱን የሚመልስለት ስለሌለ በማሽኑና በተከላው ላይ የተከፈለው ታክስ ዋጋው ውስጥ ይገባና 1,426,000 ብር ይሆን ነበር። በሥልጠናው ላይ የተከፈለው 3,000 ብር ታክስ ግን በዚያን ጊዜም ሥልጠናውን ተከትሎ ወደ ወጪ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎችን የሚያዘናጋ ነገር አለ። `SubTotal` እና `TotalTax` ተደምረው `InvoiceTotal` ላይ ሲደርሱ ፕሮግራሙ በትክክል እንዳነበበ ይቆጠራል። ይህ ማመሳከሪያ የግድ ሊደረግ የሚገባው ነው፤ የሚያረጋግጠው ግን አኃዞቹ በትክክል መነበባቸውን ብቻ ነው። በእርስዎ ደረሰኝ ላይ `SubTotal` 1,260,000 ብር ሲሆን በውስጡ ሥልጠናው አለበት። ዋጋው የሚገኘው መስመሮቹን አንድ በአንድ አንብቦ ከመለየት ነው፣ ይህን ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛው እንጂ ፕሮግራሙ አይወስነውም።

ማሽኑ ከአምስት ዓመት በኋላ 40,000 ብር ቀሪ ዋጋ ይኖረዋል ብላችሁ ስለገመታችሁ፣ በቀጥተኛ መስመር ዘዴ የሚቀነሰው 1,200,000 ብር ነው፤ ለ60 ወር ሲካፈል በወር 20,000 ብር ይደርሳል። በኤክሴል ሲሠራ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=SLN(1240000,40000,60)
```

የደረሰኙን ጠቅላላ ድምር ብትወስዱ ኖሮ የወሩ ቅናሽ 23,483.33 ብር ይሆንና በአምስት ዓመት ውስጥ 209,000 ብር ትርፍ ወጪ ይመዘገብ ነበር። ከዚህ ውስጥ 189,000 ብሩ በአንድ በኩል እንደ ግብዓት ታክስ የተቀናነሰ፣ በሌላ በኩል ደግሞ እንደ እርጅና ቅናሽ የተያዘ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ የተጠቀማችሁበት ገንዘብ ነው። ኦዲተር መጀመሪያ የሚያገኘውም ይህን ዓይነቱን ስህተት ነው።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ፣ ለበርካታ ድርጅቶች ሒሳብ የሚሠሩ ባለሙያ)፦ «አንዳንድ አዲስ የተገዙ ዕቃዎች በሶፍትዌሩ ላይ ገና ሲመዘገቡ ሙሉ በሙሉ ያረጁ ሆነው ይታያሉ። ምን ሆኖ ነው?»

መልስ፦ ቀኑ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ ፕሮግራሙ ስላላወቀ ነው። ከላይ ያየነው የማተሚያ ማሽን ደረሰኝ ላይ በእጅ የተጻፈው 05/03/2017 በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአውሮፓውያን ኅዳር ወር 14 ቀን 2024 ላይ ይውላል። ሶፍትዌሩ ግን እንዳለ ተቀብሎ የአውሮፓውያን መጋቢት 5 ቀን 2017 ያደርገዋል። በዚህ ንባብ ማሽኑ የተገዛው ከትክክለኛው ቀን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ቀድሞ ነው፣ የአምስት ዓመት ዘመኑም በ2022 አልቋል። ስለዚህ ሠንጠረዡ በተከፈተበት ቅጽበት 1,200,000 ብሩ በሙሉ የተጠራቀመ ቅናሽ ይሆንና የመዝገብ ዋጋው 40,000 ብር ብቻ ሆኖ ይታያል።

ይህ ስህተት እንደዚህ ጎልቶ ሲወጣ ደግ ነው፣ ቢያንስ ይታያል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ረጅም ዘመን የተሰጠው ንብረት ነው፤ ለሃያ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ በዚሁ ምክንያት ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ቅናሽ ቢጫንበት በሚዛን መግለጫው ላይ ማንም ሳያስተውለው ሊቀር ይችላል። የጳጉሜን ቀኖችም ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። 03/13/2016 ተብሎ የተጻፈ ጳጉሜን 3 ቀን፣ አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ፕሮግራም ላይ ሲደርስ ውድቅ ከመደረግ ይልቅ ቀንና ወሩ ተገላብጦ የአውሮፓውያን መጋቢት 13 ቀን 2016 ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ግን የአውሮፓውያን መስከረም 8 ቀን 2024 ነው።

መፍትሔው ቀኑን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ምስክር መፈለግ ነው። ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚወጣ ደረሰኝ ብዙውን ጊዜ ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚያትም፣ በእጅ ከተጻፈው ቀጥሎ ሊታይ ይገባል፤ ክፍያው የተፈጸመበት የባንክ ማስረጃም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ከሆነ ጉዳዩ የአቆጣጠር ልዩነት መሆኑ ግልጽ ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ አውሮፓውያኑ ዓመት ማብቂያ ድረስ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነውና። በተጨማሪም በመመዝገቢያ ቅጽዎ ላይ ከቀኑ አጠገብ የዘመን አቆጣጠሩን የሚያሳይ አንድ ዓምድ ያክሉ፣ ቀኑ ወደ ሶፍትዌሩ የሚገባውም ያ ዓምድ ከተሞላ በኋላ ብቻ ይሁን። አዲስ ንብረት በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ዓመት በላይ ቅናሽ ካሳየ ሠንጠረዡን ሳያጸድቁ ወደ ደረሰኙ ይመለሱ።

ጥያቄ (ከዚያው የፒያሳ ማተሚያ ቤት፣ ሥራ አስኪያጅ)፦ «ማሽኑ የተተከለው ታኅሣሥ 20 ነው፣ ሥራ የያዘው ደግሞ ጥር አጋማሽ ላይ ትእዛዝ ሲመጣ። ቅናሹ ከየትኛው ቀን ይጀምር?»

መልስ፦ ከታኅሣሥ 20። የደረሰኙ ቀን ግዢውን ያስረዳል፤ የእርጅና ቅናሽ የሚጀምረው ግን ንብረቱ ድርጅቱ ባሰበው መንገድ ለመሥራት በሚችልበት ቦታና ሁኔታ ላይ ሲገኝ ነው። ማሽኑ ከኅዳር 5 ጀምሮ በሳጥኑ እንዳለ ቆሞ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ሲጠብቅ ለሥራ ዝግጁ አልነበረም። ታኅሣሥ 20 ቀን ተተክሎና ሙከራ ታትሞበት ከቴክኒሻኑ ጋር ርክክብ ሲፈረም ግን ዝግጁ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ትእዛዝ እስኪመጣ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ቅናሹን አያዘገየውም። ስለዚህ የርክክብ ሰነዱን ከደረሰኙ ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡ፤ በመዝገቡም ላይ የግዢ ቀንና ለሥራ ዝግጁ የሆነበት ቀን ለየብቻ ይጻፉ። ደረሰኝ ማንበቢያው የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ቀጥሎ የሚመጣው የድርጅቱ የሒሳብ አሠራር ነው። ወር የሚቆጥር ድርጅት ንብረቱ ዝግጁ ከሆነበት ቀጥሎ ካለው ወር መጀመሪያ ሊነሣ ይችላል፤ ቀን የሚቆጥርም አለ። እናንተ ከቀጣዩ ወር የምትጀምሩ እንደመሆናችሁና የሒሳብ ዓመታችሁ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ስድስት ወር ተቆጥሮ 120,000 ብር ይያዛል። በሚቀጥሉት አራት የሒሳብ ዓመታት በየዓመቱ 240,000 ብር፣ በመጨረሻም ከሐምሌ 1 ቀን 2021 እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2022 ባለው ስድስት ወር ቀሪው 120,000 ብር ይቀነስና የመዝገብ ዋጋው 40,000 ብር ላይ ይቆማል። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር እንደ አንድ ወር ይቆጠራል፤ ሶፍትዌሩ አሥራ ሦስት ወር ቆጥሮ በየወሩ 20,000 ብር ከያዘ የዓመቱ ቅናሽ 260,000 ብር ስለሚሆን ወዲያው ይታወቃል።

በቀን ብትቆጥሩ ታኅሣሥ 20ን ጨምሮ እስከ ሰኔ 30 ድረስ 191 ቀን አለ፣ የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽም 125,589.04 ብር ይሆናል። ከሁለቱ የትኛውም ተቀባይነት አለው፤ ለአንዱ ማሽን በወር፣ ለሌላው በቀን መቁጠር ግን ተገቢ አይደለም። ከላይ ያለው `SLN` ቀን የሚባል ነገር ስለማያውቅ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓመት ከፊል ጊዜ ራሳችሁ ማስላት አለባችሁ።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ፣ የቢሮ አስተዳደር ሠራተኛ)፦ «ለሻጩ ስንከፍል ዊዝሆልዲንግ ቀንሰን ነው። የንብረቱ ዋጋ በዚያው መጠን ይቀንሳል?»

መልስ፦ አይቀንስም። ከሻጩ ክፍያ ላይ ቀንሳችሁ ለግብር ሰብሳቢው የምታስገቡት ገንዘብ የሻጩ ቅድመ ግብር ነው፤ እናንተ ያወጣችሁት ወጪ ሙሉ ነው። የባንክ ማስረጃው ላይ ያለው መጠን ከደረሰኙ ቢያንስ ልዩነቱ የቅድመ ግብር ደረሰኙ መሆኑን አረጋግጡ እንጂ ሠንጠረዡን አትንኩ።

ጥያቄ (ከስታዲየም አካባቢ፣ የኮምፒዩተርና የቢሮ ዕቃ ነጋዴ)፦ «ግብር በሚፈቅደው መጠን ብቻ አንድ ሠንጠረዥ ብሠራ አይበቃኝም?»

መልስ፦ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎቹን የሚከተል ድርጅት ሁለት ዓምድ ያስፈልገዋል። በሪፖርቱ ላይ የአገልግሎት ዘመኑን የሚገምተው ንብረቱን የሚያውቀው አመራር ነው፤ ለግብር ግን የፌዴራል የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 በቀጥተኛ መስመር ዘዴ ለኮምፒዩተርና ሶፍትዌር 20 በመቶ፣ በተለይ ላልተጠቀሱ ሌሎች ተንቀሳቃሽ ንብረቶች 15 በመቶ የሚል መጠን አስቀምጧል። ከላይ ያለው ማሽን በ15 በመቶ ሲሰላ በሙሉ ዓመት 186,000 ብር ይሆናል፣ በሪፖርቱ ላይ ግን 240,000 ብር ነው፤ የ54,000 ብሩ ልዩነት በግብር ማስታወቂያው ላይ ይስተካከላል። የዓመቱ ከፊል ጊዜ ብቻ ያገለገለ ንብረትም በዚያው መጠን ተመጥኖ ይያዛል። በእርስዎ ንግድ ላይ ይህ በደረሰኙ መስመሮች ላይ ይወድቃል፦ በአንድ ደረሰኝ ኮምፒዩተርና ጠረጴዛ ከገዙ ፕሮግራሙ አንድ ድምር አድርጎ ቢያወጣቸውም፣ መጠናቸው የተለያየ ስለሆነ ከመነሻው በሁለት የንብረት ካርድ ለይተው ይክፈቷቸው፤ ማጓጓዣ በአንድነት ከተከፈለም እንደየዋጋቸው ያከፋፍሉት።