የቅድመ አያት ፎቶ ላይ ያለው ልብስ፦ ከሱሪው እስከ በርኖሱ

ለቡድናችን የቀረበ ጥያቄ፦ «ይህ የቅድመ አያታችን ፎቶ ነው፤ ጀርባው ላይ 1925 ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል። ወንድሜ ለመልሱ ይህንኑ ልብስ አሰፍቶ መልበስ ይፈልጋል፤ የጠየቅናቸው ልብስ ሰፊዎች ግን ሁሉም “ካባ ነው” ብለው ያልፉታል። ከውስጥ ጀምሮ ምን ምን ነው የለበሱት? በግራ ትከሻቸው ላይ ቀንድ መስሎ የቆመውስ ምንድን ነው? ጥለቱ ጥቁር የሆነው ሐዘን ላይ ሆነው ይሆን?»

ፒያሳ ውስጥ ለመድረክና ለሠርግ የሀገር ልብስ መስፋት ከጀመርሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የሚመጡት እንደ እርስዎ አሮጌ ፎቶ ይዘው ነው። ፎቶውን አጉልቼ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከላይ ያለው ካባ ሳይሆን በርኖስ ነው፤ ከበርኖሱ ሥር ኩታ፣ ከኩታው ሥር እጀ ጠባብ፣ ከእጀ ጠባቡ ሥር ደግሞ ጠባብ ሱሪ አለ። ለምን እንዲህ እንዳልሁ በቅደም ተከተል ላስረዳዎት፤ ምክንያቱን ካወቁ ልብስ ሰፊው ሌላ ነገር ሲልዎት መልስ መስጠት ይችላሉ።

በፎቶ ላይ የውስጥ ልብስ የሚታየው በጠርዙ ብቻ ነው፤ ማለትም አንገት ላይ፣ እጅጌው የሚያልቅበት ላይ፣ ቅምቅማቱ ላይና ቁርጭምጭሚት አካባቢ። ከእነዚህ አራት ቦታዎች በአንዱ ጠርዙ ያልታየ ልብስ በፎቶው ውስጥ እንዳለ አድርጎ መጻፍ አይገባም። ለምሳሌ ቅድመ አያትዎ ከእጀ ጠባቡ ሥር ሌላ ነገር ለብሰው ይሆናል፤ ነገር ግን አንገታቸው ላይ ምንም ብቅ ያለ ስለሌለ እኔ ስም አልሰጠውም። ወንድምዎ እንዲሞቀው ካናቴራ ቢደርብ የራሱ ጉዳይ ነው፤ የፎቶው ልብስ አካል ነው ግን አይባልም።

ከሱሪው ልጀምር። ከበርኖሱ ጫፍ በታች ያለውን ባታቸውን አጉልተው ቢያዩት ጨርቁ እንደ አምባር እየተደራረበ ክብ ክብ መጨማደድ ሠርቷል። ይህ ስስ የጥጥ ጨርቅ ከእግሩ ርዝመት አልፎ ተቆርጦ ባት ላይ ተሰብስቦ ሲለበስ የሚፈጠር ነው፤ ስለዚህ ጠባብ ሱሪ ነው። አንድ የቡድናችን አባል ከእኔ በፊት «ገንባሌ አድርገዋል» ብለው ጽፈዋል፤ ስሕተቱ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ገንባሌ ቆዳ ስለሆነ ባት ላይ ለስልሶ ይቀመጣል እንጂ እንዲህ አይጨማደድም፤ በጎኑም መቆለፊያው ይታይ ነበር። ተፈሪ ሱሪ ነው ለማለትም ማስረጃ የለም። ተፈሪ ሱሪ ጭኑ ላይ ሰፍቶ ከጉልበት በታች ስለሚጠብ፣ በላዩ የተለበሰውን እጀ ጠባብ ዳሌ ላይ ወደ ጎን ይገፋዋል። እዚህ ግን እጀ ጠባቡ ቀጥ ብሎ ወርዷል።

እጀ ጠባቡን በስሙ ማወቅ ቀላል ነው፤ እጁ ጠባብ ነው። ወንበሩን የያዘው እጃቸው ላይ እንደሚያዩት እጅጌው ከክርን ጀምሮ ክንዱን ተከትሎ እየጠበበ ሄዶ የእጅ አንጓ ላይ ያበቃል። ሸሚዝ ቢሆን ኖሮ እጅጌው ጫፍ ላይ በቁልፍ የተያዘ ማጠፊያ ይኖረው ነበር። ኮሌታውም ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ቁመቱ ሁለት ጣት የማይሞላ ነው። ልብስ ሰፊው የዘመኑን ሸሚዝ አስረዝሞ «እጀ ጠባብ» ብሎ እንዳያስረክባችሁ የምትፈትሹት በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው። ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ በግራና በቀኝ የተተረተረ የሚመስል መስመር ይታያል፤ ያ ቅዳጅ ወይም ቀዳዳ ሳይሆን ለመራመድ ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት ነው፤ አታዘጉት።

አንገታቸው ሥር ያለውን ነጭ ነገር እርስዎ በአስተያየት ላይ «ስካርፍ» ብለውታል። ዝቅ ብለው ይከተሉት፤ ከበርኖሱ መክፈቻ መሐል ወርዶ ጉልበት አካባቢ ከነጥለቱ እንደገና ይወጣል። አንድ ልብስ ነው። ነጠላ ነው፣ ኩታ ነው ወይስ ጋቢ የሚለውን የሚለየው እጥፋቱ ነው። ነጠላ ስስ ስለሆነ እጥፋቱ ስለታም ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ልብስ መስመርም ያሳልፋል። ጋቢ አራት ድርብ በመሆኑ እጥፋቱ እንደ ትራስ ጠርዝ ክብ ይሆናል፤ ከበርኖስ ሥርም ቢለበስ ትከሻውን ያሳብጠው ነበር። የእሳቸው ከሁለቱ መሐል ነው፤ የእጀ ጠባቡ ኮሌታ ጥላ በጨርቁ ውስጥ አያልፍም፣ ትከሻቸውም አላበጠም። ድርብ የሆነው የወንዶች ኩታ ማለት ይህ ነው። ለሸማኔ ስትናገሩ «ነጠላ» ካላችሁ ስስ ጨርቅ ይሠራላችሁና በበርኖሱ ሥር ተጨማድዶ ይጠፋል።

አሁን ወደ ቀንዱ። በመጀመሪያ፣ ለእኛ ለተመልካቾች ግራ የሆነው ለለባሹ ቀኝ ነው፤ ልብስ የሚገለጸው ሁልጊዜ በለባሹ በኩል ስለሆነ ያ ነገር ያለው በቀኝ ትከሻቸው ላይ ነው። በርኖስን ከካባ የሚለየው ዋናው ምልክትም ይኸው ከቀኝ ትከሻ ላይ ሹል ሆኖ የሚቆመው ጫፍ ነው። ብዙ ጊዜ ልብስ ሰፊዎች ፎቶው ላይ ጨርቁ ተሰብስቦ የቆመ ይመስላቸውና ሳይሠሩት ይቀራሉ፤ ያን ጊዜ በርኖሱ ተራ ካባ ይሆናል። ሁለተኛው መለያ ጨርቁ ነው። የሠርግ ካባ ከፋይ ወይም ሐር መሰል ሆኖ ጠርዙ በወርቅ ክር ይጠለፋል፤ ብርሃን ሲያርፍበትም ያብለጨልጫል። በርኖስ ግን እንደ መንዝ ባለው ደጋ ከበግ ጠጉር የሚሠራ የብርድ ልብስ ስለሆነ ብርሃኑን ይውጠዋል። በፎቶው ላይ ጫማቸው ሲያብለጨልጭ በርኖሱ አንድም ቦታ ላይ አያበራም። ለምድ ነው ያሉት ሰውም ተሳስተዋል፤ ለምድ ቢሆን ከጠርዙ እንደ ጅራት የተንጠለጠሉ ቁራጮች ይኖሩት ነበር።

በነገራችን ላይ የትከሻው ጫፍ ሌላም ነገር ያረጋግጣል። አሮጌ ፎቶ ከኔጋቲቩ ሲታተም ተገልብጦ ግራና ቀኙ የሚቀያየርበት ጊዜ አለ። ጫፉ በግራ ትከሻ ላይ ቢሆን ኖሮ ፎቶው ተገልብጧል ብዬ እጠረጥር ነበር፤ የእርስዎ ግን ትክክል ነው።

ጥለቱን በተመለከተ እኔ ራሴ የተሳሳትሁበትን ልንገርዎት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ፎቶ አመጣልኝና ጥለቱ ጥቁር ነው ብዬ ሽሮ ሜዳ ላለ ሸማኔ ጥቁር ጥለት አዘዝሁ። ልብሱ ካለቀ በኋላ የቤቱ አሮጊት አክስት ሣጥን ከፍተው ዋናውን ኩታ አወጡት፤ ጥለቱ ደም የመሰለ ቀይ ነበር። ሸማኔው እንደገና ሠራው፤ ወጪውን እኔ ቻልሁ። በኋላ አንድ የፎቶ ባለሙያ እንዳስረዳኝ በዚያ ዘመን ብዙ ፎቶ የሚነሣበት ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ፊልም ቀይ ብርሃን አይቀበልም። ስለዚህ ቀይ ነገር በፎቶው ላይ ጥቁር መስሎ ይወጣል፤ ሰማያዊ ደግሞ ከሆነው በላይ ይነጣል። ከእርስዎ ፎቶ በእርግጠኝነት ማለት የሚቻለው ጥለቱ ነጣ ያለ ቀለም ወይም ውኃ ሰማያዊ አለመሆኑን ብቻ ነው። ጥቁር፣ ቀይ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ ከቤተሰቡ የሚያስታውስ ሰው ካለ ይጠይቁ።

ሐዘንን የሚያሳየው ደግሞ ቀለሙ ሳይሆን አለባበሱ ነው። ሐዘንተኛ ኩታውን ወይም ነጠላውን ዘቅዝቆ ጥለቱን ወደ አንገቱ ያመጣዋል። የቅድመ አያትዎ ጥለት ታች ጉልበት አካባቢ ነው፤ አንገታቸው ላይ ያለው ጠርዝ ጥለት የለውም። ወንድምዎ በመልሱ ዕለት ሲለብስ ይህን የሚያይለት ሰው አጠገቡ ይኑር፤ ፎቶ ለመነሣት ሲጣደፉ ተዘቅዝቆ የተለበሰ ኩታ አይቼ አውቃለሁ፤ አዛውንቶቹ ደንግጠው ነበር።

ልኩን በተመለከተ የቅድመ አያትዎን ቁመት ማወቅ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ምጣኔው ነው። ፎቶውን በማስመሪያ ስለካው ከእግራቸው እስከ አናታቸው 13.6 ሳንቲሜትር ነው። የወንድምዎ ቁመት 1.70 ሜትር እንደሆነ ስለነገሩን፣ በፎቶው ላይ ያለ 1 ሳንቲሜትር በወንድምዎ ላይ 12.5 ሳንቲሜትር ይሆናል። የበርኖሱ ጫፍ ከመሬት 2.4 ሳንቲሜትር ላይ ስለሚያበቃ በወንድምዎ ላይ ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። ትከሻቸው ከመሬት 11.2 ሳንቲሜትር፣ ማለትም በወንድምዎ 1.40 ሜትር ላይ ነው፤ ስለዚህ የበርኖሱ ቁመት ከትከሻ እስከ ጫፍ 1.10 ሜትር ገደማ ይሆናል። ወርዱን ግን በዚህ መንገድ አትለኩ። ወደ ኋላ የዞረው ጨርቅ በፎቶ ላይ ስለማይታይ ሁልጊዜ አንሶ ይወጣል፤ እሱን ወንድምዎ ላይ በአቡጀዲ ሞክሮ መወሰን ይሻላል።

ለልብስ ሰፊው በቃል ከመንገር ይህን ጽፈው ይስጡት፦ «ከነጭ ስስ ጥጥ የተሰፋ፣ ባት ላይ የሚሰበሰብ ጠባብ ሱሪ፤ ኮሌታው የቆመ፣ እጅጌው እስከ አንጓ የጠበበ፣ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ የሚልና ጎኑ ክፍት የሆነ ነጭ እጀ ጠባብ፤ ጥለቱ ሁለት ጣት የሆነ፣ ጥለቱ ወደ ታች ሆኖ የሚለበስ ድርብ ኩታ፤ ከማያብለጨልጭ የሱፍ ጨርቅ የተሰፋ፣ በቀኝ ትከሻው ላይ ሹል ጫፍ ያለው፣ ጠርዙ ያልተጠለፈ፣ ቁመቱ 1.10 ሜትር የሆነ በርኖስ።» የበርኖሱን ቀለም ሆን ብዬ አልጻፍሁትም፤ ከላይ በተናገርሁት ምክንያት ጥቁር ይሁን ጥቁር ቡናማ ከፎቶው መለየት አይቻልም።

አንድ ነገር ብቻ ሳልወስነው ቀርቻለሁ፤ በርኖሱ ገበር አለው ወይስ የለውም የሚለውን። በለባሹ ግራ በኩል ታች ጥጉ ላይ ጨርቁ ትንሽ ተቀልብሶ ውስጡ የነጣ ይመስላል፤ ነገር ግን የላኩት በስልክ የተነሣ ስለሆነ የመብራት ነጸብራቅም ሊሆን ይችላል። ዋናውን ፎቶ በ600 ዲፒአይ ስካን አስደርገው ያችን ጥግ ብቻ ቆርጠው ቢለጥፉልን፣ የገበሩ የስፌት መስመር ካለ ይታያል።