የገጠመ ሂሳብና የተመረመረ ሂሳብ

«የሂሳብ ሠራተኛችን በየወሩ ሂሳቡን ይዘጋል፣ ትሪያል ባላንሱም ሁልጊዜ ይገጥማል። ታዲያ የውጭ ኦዲተር መጥቶ የሚያየው ምንድን ነው? ያንኑ ሥራ ድጋሚ ለማሠራት ነው የምንከፍለው?»

ዘጠኝ ዓመት በንግድ ድርጅቶች ውስጥ ሂሳብ ስይዝ ቆይቼ ከዚያ በኋላ ወደ ኦዲት ድርጅት ስለ ገባሁ፣ በጠረጴዛው በሁለቱም በኩል የመቀመጥ ዕድል አግኝቻለሁ። ሂሳብ ያዥ በነበርኩበት ጊዜ እኔም እንደ እርስዎ ነበር የማስበው።

ትሪያል ባላንስ መግጠሙ የሚነግረን ዴቢትና ክሬዲት እኩል መሆናቸውን ብቻ ነው። አንድ የግዢ ደረሰኝ በመሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ጭራሹኑ ባይመዘገብ ይገጥማል፤ የአንዱ ደንበኛ ዕዳ በሌላው ስም ቢጻፍም ይገጥማል፤ የሐምሌ ሽያጭ በሰኔ ቢመዘገብም እንዲሁ። የሂሳብ ሠራተኛ ሥራ የሚጀምረው እጁ ከገባው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን በትክክለኛው የሂሳብ መደብ፣ በትክክለኛው መጠን ከመዘገበ ሥራውን ሠርቷል። ኦዲተሩ ግን ከመዝገቡ ወጥቶ መጋዘን፣ ባንክና ደንበኛ ዘንድ ሄዶ፣ የተጻፈው ነገር በእርግጥ አለ ወይ፣ መጻፍ ሲገባው የቀረስ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ያጋጠመኝን ላንሳ። ቆርቆሮና ሲሚንቶ በጅምላ የሚሸጥ ድርጅት ነበር፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። በዚያው ዕለት ቆጠራውን ለመታዘብ መጋዘኑ ውስጥ ነበርን። በሂሳብ ክፍሉ መዝገብ መሠረት ከአንድ ዓይነት ቆርቆሮ መገኘት የነበረበት 1,600 ሲሆን፣ ወለሉ ላይ የተቆጠረው ግን 2,000 ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ ምንም ሳይጨነቁ «የተሸጠ ነው፣ ገና አልተጫነም» አሉን። የተሸጠው ከቀሪው ተለይቶ አልተቀመጠም፤ ሁሉም አንድ ላይ ተደርድሯል። የተቆጠረውን እንዳለ ጻፍንና፣ ለዕለቱ የመጨረሻ የሆነውን የዕቃ ወጪ ሰነድ ቁጥር መዝግበን ወጣን።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለትልልቅ ደንበኞች «ሰኔ 30 ቀን ለዚህ ድርጅት ምን ያህል ዕዳ ነበረባችሁ?» የሚል የማረጋገጫ ደብዳቤ ላክን። በመዝገቡ 1,310,000 ብር ዕዳ አለበት የተባለ አንድ ደንበኛ 850,000 ብር ብሎ መለሰ፤ ልዩነቱ 460,000 ብር ነው። ሰነዶቹን ስናገናኝ የሽያጭ ደረሰኙ ሰኔ 28 ተቆርጧል፤ ዕቃው ግን በሻጩ መኪና ተጭኖ ደንበኛው ጋ የደረሰው ሐምሌ 3 ነበር። በውላቸው መሠረት ዕቃውን ደንበኛው መጋዘን ድረስ የማድረስ ኃላፊነት የሻጩ ስለሆነ፣ ደንበኛው ያልተረከበውን ዕዳ ብሎ አልመዘገበም። እንግዲህ 400 ቆርቆሮ በ1,000 ብር ሒሳብ 400,000 ብር፣ 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት 460,000 ብር ይሆናል። መጋዘኑ ውስጥ የተረፈው 400 እና ከደንበኛው ደብዳቤ የጎደለው ገንዘብ አንድ ነገር ሆነው ተገኙ።

ማስተካከያው ከዓመቱ ሽያጭ 400,000 ብር የሚያወጣ፣ ለአንዱ ቆርቆሮ 820 ብር የነበረውን የግዢ ዋጋ ማለትም 328,000 ብር ወደ ዕቃ ክምችት የሚመልስ ነበር፤ ትርፉም በ72,000 ብር ቀነሰ። ደረሰኙ ቀድሞ የተቆረጠ በመሆኑ የቫቱ ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ነው። የሂሳብ ሠራተኛው ግን በሐሰት የመዘገበው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ሕጋዊ ደረሰኝ ቀረበለት፣ መዘገበ። ዕቃው የትኛው ቀን ከግቢ እንደ ወጣ የሚያሳይ ሰነድ እሱ ዘንድ አይደርስም ነበር።

ስለ ማረጋገጫ ደብዳቤው አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔም የተማርኩት በስህተት ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ የአንድ ደንበኛን መልስ የድርጅቱ ተላላኪ በፖስታ አምጥቶ ሲሰጠኝ ተቀብዬ ፋይል ውስጥ አስገባሁት። የቡድን መሪያችን ፖስታውን አገላብጠው አዩና «ይሄ ማስረጃ አይደለም፣ እንደገና ይላክ» አሉኝ። መልሱ በምንመረምረው ድርጅት እጅ ካለፈ ማን እንደ ጻፈው ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ደብዳቤውን የምንልከው ራሳችን ነን፣ መልሱም በቀጥታ ወደ እኛ መምጣት አለበት። ለባንክ የሚላከው ደብዳቤም ቀሪ ሂሳብ ብቻ አይጠይቅም፤ ብድር፣ መያዣና ዋስትናም ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ድርጅቱ ለሌላ ሰው የገባው ዋስትና በዕለት ተዕለት ሂሳብ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ያልተመዘገበን ዕዳ መፈለግ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ የሌለን ነገር ከመዝገብ ውስጥ ማግኘት አይቻልምና። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀመረው ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የተከፈሉትን ትልልቅ ክፍያዎች እናወጣና አገልግሎቱ ወይም ዕቃው የተገኘው መቼ እንደ ሆነ እናያለን። ሐምሌ 20 የተከፈለ የትራንስፖርት ክፍያ የግንቦትና የሰኔ ጭነት ሆኖ ከተገኘ፣ ሰኔ 30 ላይ ተከፋይ ሂሳብ ሆኖ መታየት ነበረበት። ዋጋም እንደዚሁ ነው፦ በዚያው መጋዘን ግድግዳ ሥር የተደረደረው ሲሚንቶ በቁጥር ልክ ነበር፣ ነገር ግን የታችኞቹን ከረጢቶች በእጃችን ስንጫን እርጥበት ገብቶባቸው እንደ ድንጋይ ጠጥረዋል። በመዝገብ ላይ ያሉት በገዙበት ዋጋ ነው፤ አሁን ግን የሚገዛቸው የለም፤ ስለዚህ ዋጋቸው መቀነስ ነበረበት።

ይህን ሁሉ ስንሠራ እያንዳንዱን ቫውቸር አናይም። በናሙና ነው የምንሠራው፤ ከዚህ መጠን በላይ የሆነ ስህተት የሂሳቡን አንባቢ ያሳስታል የምንለውን ወሰን አስቀድመን እናስቀምጣለን፣ ከዚያ በታች ያለው ጥቃቅን ስህተት ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። የግዢ ሠራተኛውና የመጋዘኑ ኃላፊ ተስማምተው ሰነድ አሟልተው ከሰረቁም ሊያመልጠን ይችላል። በመጨረሻ የምንሰጠው ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት የሂሳብ መግለጫው በጉልህ ነገር አያሳስትም ማለት እንጂ፣ በድርጅቱ ውስጥ ሌባ የለም ወይም ግብሩ በሙሉ ተከፍሏል ማለት አይደለም። የግብር ኦዲት ሌላ ሥራ ነው፤ የሚሠራውም ለገቢ ሰብሳቢው ነው።

በብዙ ትንንሽ ድርጅቶች የማየው ችግር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ደረሰኝ በካርቶን አምጥቶ «ሂሳቡንም ሥሩልን፣ ኦዲትም አድርጉልን» ማለት ነው። ራሱ የሠራውን ሂሳብ ራሱ የሚመረምር ሰው በእኔ አመለካከት የሚሸጥላችሁ ወረቀት እንጂ ኦዲት አይደለም፤ የሙያው ሥነ ምግባርም ይህን አይፈቅድም።

የእርስዎ ሂሳብ በየወሩ የሚዘጋ ከሆነ ግማሹ ሥራ ቀላል ነው። ሰኔ 30 ማታ የመጨረሻዎቹን አምስት የዕቃ ወጪና ገቢ ሰነዶች፣ ሐምሌ 1 ሲከፈት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን አምስት፣ ከሽያጭ ደረሰኞቻቸው ጋር አያይዘው ለብቻ ያስቀምጡ። ኦዲተሩ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚጠይቅዎት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።