የአሉሚኒየም ፑሌጃ መሃል ለምን ይቦረቦራል? ጥያቄና መልስ ከጋሼ ጋር

ባለ ፑሌጃ፦ ጋሼ፣ ከአሮጌ ፒስተንና ከቸርኬ አቅልጬ በአሸዋ ፑሌጃ እሠራለሁ። ቶርኖ ቤት መሃሉ ሲበሳ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይገኛል። ዳሩ ደህና ነው። ሁሉም ጋዝ ነው ይሉኛል።

ጋሼ፦ የተበላሸውን በመጋዝ መሃል ለመሃል ቁረጠው። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰህ ፎቶ ላክ። የመሃሉንና፣ ሲረጋ ፈሳሽ እንዲመግበው ከላዩ የምትተክለውን የራይዘሩን ልክም ጻፍ። ሳይቆረጥ የሚነገር ሁሉ ግምት ነው።

ሮቤል፦ ቀዳዳ አስቸግሮኛል፣ ምን ይሻላል?

ጋሼ፦ የምን ብረት? የት ቦታ? ምን ዓይነት ቀዳዳ? ቆርጠህ ተመለስ።

ባለ ፑሌጃ፦ ልኬያለሁ። መሃሉ 6 ሴንቲ ስፋት፣ 5 ሴንቲ ቁመት ነው። ራይዘሩ 3 ሴንቲ ስፋት፣ 3 ሴንቲ ቁመት። ቀዳዳው ሻካራ ነው፤ በባትሪ ሳየው ውስጡ የጥድ ቅርንጫፍ የመሰለ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ።

ጋሼ፦ ጎበዝ፣ ዋናውን ነገር አይተሃል። ያ ቅርንጫፍ ዴንድራይት ነው። አሉሚኒየም ሲረጋ ከአሸዋው ግድግዳ ተነስቶ ወደ ውስጥ ቅርንጫፍ እያወጣ ያድጋል። በቅርንጫፎቹ መካከል ገና ያልረጋ ፈሳሽ ይቀራል። አሉሚኒየም ከፈሳሽ ወደ ጠጣር ሲለወጥ መጠኑ 6 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የጎደለውን ለመሙላት ፈሳሽ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። መንገዱ ከተዘጋ ያለው ፈሳሽ ወደሚረጋው ክፍል ይሳብና ቅርንጫፎቹ ራቁታቸውን ይቀራሉ። አንተ ያየኸው እነሱን ነው። ይሄ በብረትም አለ። ሩሲያዊው የብረት ሊቅ ቼርኖቭ ያስቀመጠው ዝነኛ ዴንድራይት 39 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው። የተገኘውም 100 ቶን በሚመዝን የብረት ጥፍጥፍ ውስጥ፣ መኮማተር በፈጠረው ባዶ ቦታ ነው።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። አንድ ክፍል ለመርጋት የሚፈጀው ጊዜ ይዘቱ ለገጹ ስፋት ሲካፈል በሚገኘው ቁጥር ይወሰናል። የአንተ መሃል ይዘቱ 141፣ ገጹ 151 ገደማ ነው፤ ሲካፈል 0.94 ሴንቲ። ራይዘርህ ግን 0.5 ብቻ ነው። ጊዜው የሚሄደው በቁጥሩ ስኩዌር ስለሆነ፣ መሃሉ ከራይዘሩ ሦስት እጥፍ ተኩል ዘግይቶ ይረጋል። ራይዘሩ ቀድሞ ተዘግቶ ሊመግበው አልቻለም። የራይዘር ቁጥር ከሚመግበው ክፍል ቁጥር ቢያንስ 1.2 እጥፍ መሆን አለበት፤ ያ ወደ 1.13 ይወስድሃል። ስፋቱና ቁመቱ እኩል የሆነ ራይዘር ከተጠቀምክ 7 ሴንቲ በ7 ሴንቲ አድርገው። ትልቅ ይመስላል፣ ግን ተመልሶ ይቀልጣል።

ቀላጩ፦ ነገሩን አታወሳስቡት። ክብና ለስላሳ ከሆነ ጋዝ፣ ሻካራ ከሆነ መኮማተር። አለቀ።

ጋሼ፦ ግማሹ ልክ ነው። ሃይድሮጅን ዘግይቶ ሲወጣ ቅርንጫፎቹ ቦታ ስለሚያሳጡት በመካከላቸው ተጨምቆ እሱም ሻካራ ይሆናል። ስለዚህ ቅርጹን ብቻ ሳይሆን ቦታውን እዩ። ቀጭኑ ዳርም ላይ ተበትኖ ከተገኘ ጋዝን ጠርጥሩ። ወፍራሙ መሃል ላይ ብቻ ከተከማቸ መኮማተር ነው። ደግሞ ሁለቱ ይረዳዳሉ። መኮማተር ውስጡን ግፊት ያሳጣዋል፤ ያኔ ሃይድሮጅኑ በቀላሉ ይወጣል።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ የብረት ማፍሰስ ሊቁ ጆን ካምቤል ግን ቀዳዳ የሚጀምረው ከታጠፈ የኦክሳይድ ስስ ሽፋን ነው ይላል። ሲፈስ ሲዘበራረቅ ሽፋኑ ተጣጥፎ ይገባል፤ መካከሉ ስላልተጣበቀ ቀዳዳው እዚያ ይከፈታል።

ቀላጩ፦ ይሄ የመጽሐፍ ነገር ነው። እኔ ዓይኔ እያየ ከላይ ስደፋ ኖሬ ሥራዬ ይሸጣል።

ተማሪዋ፦ መሸጡ ውስጡ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ስንቱን ቆርጠህ አይተሃል?

ቀላጩ፦ የደንበኛን ዕቃ ቆርጬ ልጣል እንዴ?

ጋሼ፦ ልጄ ትክክለኛ ነገር አንስታለች። ፈሳሹ ወደ ሻጋታው ሲገባ በሴኮንድ ከግማሽ ሜትር በላይ ከፈጠነ ሽፋኑን ይሰብራል። 1.3 ሴንቲ ብቻ ከወደቀ ያን ፍጥነት ይደርሳል። በስበት ስታፈስ መውረጃው ላይ ልታመልጠው አትችልም፤ መግቢያውን ሰፋ አድርገህ ከታች በኩል በዝግታ እንዲሞላ ታደርጋለህ። ሁሉም ቀዳዳ ከዚያ ይጀምራል ወይ በሚለው ላይ ባለሙያዎችም አልተስማሙም። አፈሳሱን ማለዘብ ግን በየትኛውም ወገን ይጠቅማል።

ሰሚራ፦ የኔ ቀዳዳ ክረምት ላይ ይብሳል። ዳሩም መሃሉም ላይ ጥቃቅን ክብ ክብ ነው። ጨው ስጨምርበት ደግሞ ባሰ።

ጋሼ፦ አንቺ ዘንድ ጋዝ ነው። የቀለጠ አሉሚኒየም የውሃ እንፋሎትን ይሰብራል፤ ኦክስጅኑን ለራሱ ይይዛል፣ ሃይድሮጅኑን ይውጣል። ፈሳሽ ሳለ የሚይዘው፣ ከረጋ በኋላ ከሚይዘው 20 እጥፍ ገደማ ነው። ሲረጋ ትርፉ መውጫ ያጣል። ሙቀቱን ከ660 ወደ 800 ዲግሪ ካወጣሽው ደግሞ የመዋጥ አቅሙ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ስለዚህ እንደደረሰ ቶሎ አፍሺ፤ እሳት ላይ አታቆዪው። ዘይት የነካው ቁርጥራጭ፣ የረጠበ አሸዋ፣ የጋዝና የናፍጣ ጭስ፣ ሁሉም እርጥበት ያመጣሉ። ጨው እርጥበት ይስባል፤ ካልደረቀ ራሱ ሃይድሮጅን ይጨምራል። ቢደርቅም ሥራው ቆሻሻ መለየት ነው። ጋዝ የሚያወጣው ደረቅ ናይትሮጅን ወይም አርጎን በጥሩ ግራፋይት ቱቦ ከሥር ሲነፋ ነው።

ደግሜ እላለሁ፦ እርጥብ ማማሰያ፣ እርጥብ ጨው፣ እርጥብ ቁርጥራጭ ፈሳሹ ውስጥ አታስገቡ። ቀዳዳው ይቅርና ፈንድቶ ሰው ያቃጥላል።

ሰሚራ፦ ጋዙ መውጣቱን በምን አውቃለሁ?

ጋሼ፦ ከአንድ ማቅለጫ ሁለት ትናንሽ ናሙና ቅጂ። አንዱ አየር ላይ ይርጋ። ሌላው በብረት ዕቃ ተከድኖ፣ አየሩ በፓምፕ እየተሳበ ይርጋ። ግፊቱ ሲቀንስ የተደበቀው ሃይድሮጅን ይነፋል። አናቱ ካበጠና ሲቆረጥ ስፖንጅ ከሆነ ገና ብዙ ጋዝ አለ። ተማሪዋ ያነሳችው ሽፋንም ናሙናውን ሊያሳብጥ ይችላል፤ ፍርዱ መቶ በመቶ አይደለም።

ሮቤል፦ የኔ ደግሞ ብየዳ ነው፤ ቀዳዳ ያወጣል።

ጋሼ፦ ብየዳ ሌላ ሙያ ነው። የብየዳ ሰው ጠይቅ።

ባለ ፑሌጃ፦ 7 ሴንቲ ራይዘር ሻጋታዬ ውስጥ አይገባም። ሌላ መንገድ የለም?

ጋሼ፦ አለ። የአክስሉን ቀዳዳ ሻጋታው ውስጥ በሚቀመጥ የአሸዋ ኮር አውጣው፤ የሚረጋው ብረት ይቀንሳል። ከመሃሉ ሥር ደግሞ ንጹህ የብረት ቁራጭ አሸዋው ውስጥ ቅበር። ሙቀቱን በፍጥነት ይስባል፤ መርጋቱ ከዚያ ጀምሮ ወደ ራይዘሩ ይሄዳል። ቶሎ የረጋ ክፍል ቅርንጫፉ ደቃቅ፣ ቀዳዳውም ትንሽ ነው። ቁራጩ ዝገት ወይም ጤዛ ካለበት ግን እዚያው ጋዝ ይሠራብሃል፤ አሙቀህ አድርቀው። ይሄን ካደረግህ በኋላም የራይዘሩን ልክ እንደገና አስላው፤ አሁንም መብለጥ አለበት።

ባለ ፑሌጃ፦ የብረቱ ውፍረት ስንት ይሁን?

ጋሼ፦ በሁለት ውፍረት ሁለት ፑሌጃ አፍስ። ሁለቱንም ቁረጥ። ፎቶው ላይ ማስመሪያ አስቀምጥበት፤ ከዚያ እንነጋገራለን።