ከመክፈላችሁ በፊት ስሙን አንብቡ

በጅማ የሒሳብ ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ፣

አንድ የቆርቆሮ ግዢ ታሪክ ልንገራችሁ። ሒሳብ ሹም ሆኜ የምሠራበት ሆቴል ጣሪያውን ሊያድስ ነበር። ከመርካቶ ሰፈር አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ቆርቆሮ፣ ምስማርና ብረት ገዛን። ዋጋው 200,000 ብር፣ 15 በመቶ ቫቱ 30,000፣ ድምሩ 230,000 ነው። ያንን 30,000 ብር ከደንበኞቻችን ከሰበሰብነው ቫት ላይ ልናቀናንስ አስበን ነበር። የግብዓት ታክስ የምንለው ይኼንኑ ነው።

ሱቁን ለዓመታት እናውቀዋለን። ባለቤቱ አዛውንት ነበሩ፣ በዚያው ዓመት አርፈዋል። ሱቁን ልጃቸው ይዞታል። የቫት ሰርተፍኬት ስጠይቀው ኮፒውን ወዲያው ሰጠኝ። ደረሰኙን ግን በእጅ ጻፈው። «ጋሼ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ለጥገና ሰጥቼዋለሁ» አለኝ።

አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር ፊቴ ነበር። ሰርተፍኬቱና የደረሰኙ ጥራዝ በአባትየው ስም ናቸው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ንግድ ፈቃድ ደግሞ በልጁ ስም፣ በልጁ ቲን ነው። ገንዘቡን ያስገባነው በልጁ የባንክ ሒሳብ ነው። አይቼዋለሁ። ግን ለቅሶ ደርሼ በተመለስኩ ማግስት «የአባትህን ወረቀት ተውና የራስህን አምጣ» ማለት ከበደኝ። ይሉኝታ ያዘኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዲተሮች መጡ። የአባትየው ምዝገባ ከግዢያችን በፊት ተሰርዟል። ልጁ በራሱ ቲን ንግድ ፈቃድ አውጥቷል እንጂ ለቫት አልተመዘገበም። ስለዚህ ያቀናነስነው 30,000 ብር ውድቅ ሆነ፣ ቅጣትና ወለድም ተከተለው። «እኛ እኮ ከፍለናል» ብንል ሰሚ አልነበረም። ያልተመዘገበ ሰው ቫት መሰብሰብ አይችልም። የከፈልነው 30,000 ብር በሕጉ ዓይን ታክስ ሳይሆን የቆርቆሮው ዋጋ ላይ የተጨመረ ገንዘብ ነው።

ብዙ ወጣት ሒሳብ ሠራተኞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቲን ያለው ሁሉ የቫት ተመዝጋቢ ይመስላቸዋል። ቲን ማንኛውም ግብር ከፋይ ያወጣዋል፣ ተቀጣሪውም ጭምር። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ (etrade.gov.et) ቲኑን አስገብታችሁ ንግድ ፈቃዱን ማየት ትችላላችሁ፣ በማን ስም እንደሆነና መታደሱንም ታውቃላችሁ። ጥሩ ነው፣ አድርጉት። ግን ያ ስለ ፈቃዱ እንጂ ስለ ቫቱ አይነግራችሁም።

ሰርተፍኬቱም ቢሆን የሚናገረው ስለ ወጣበት ቀን ነው። ዛሬ በሥራ ላይ መሆኑን የሚያውቀው ሻጩ የሚተዳደርበት የገቢዎች ቅርንጫፍ ነው። ለትልቅ ግዢ፣ በተለይ ለአዲስ ሻጭ ወይም ባለቤት ለተቀየረበት ሱቅ፣ ቲኑንና የቫት ቁጥሩን ይዛችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ግማሽ ቀን ይፈጃል። አለቃችሁ ቢቆጣ የ30,000 ብሩን ነገር ንገሩት።

እኔ አሁን ኮፒውን የምጠይቀው ገና ፕሮፎርማ ሲመጣ ነው። ቼክ ከተፈረመ በኋላ ስልክ የሚያነሳላችሁ ሻጭ ጥቂት ነው። ከዚያ ስምና ቲን አመሳክራለሁ፦ ሰርተፍኬቱ፣ ንግድ ፈቃዱ፣ ደረሰኙ፣ የባንክ ሒሳቡ። አራቱም አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት መሆን አለባቸው። አንዱ ከተለየ ክፍያው ይቆያል። ማሽኑ ተበላሽቷል ከተባልኩም «ሲጠገን እንከፍላለን» እላለሁ። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ተጠግኖ ይገኛል።

ሻጩ አልተመዘገበም እንበል። ሕጉ እንዲመዘገብ የማያስገድደው ትንሽ ነጋዴ ከሆነ ከእሱ መግዛት ክልክል አይደለም። ግን 200,000 ብር የሚያወጣውን ዕቃ በ200,000 ግዙ። 15 በመቶ የሚል መስመር ፕሮፎርማው ላይ ካለ አስወጡት። ዋጋ ስታወዳድሩም ከተመዘገበው ሻጭ 230,000 ጋር ሳይሆን ከቫት በፊት ካለው ዋጋ ጋር አስተያዩት፤ ከተመዘገበው ብትገዙ 30,000ው ይቀናነስላችኋል።

ደረሰኙ ሲመጣም የራሳችሁ ድርጅት ስምና ቲን በትክክል መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። አንድ አኃዝ ቢሳሳት ጭቅጭቁ የእናንተ ነው። አባሪ ደረሰኝ ካለ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው የማሽን ደረሰኝ ቁጥር ከተያያዘው ጋር አንድ መሆኑን እዩ።

የማሽን ደረሰኝ ደግሞ ይደበዝዛል። ጅማ ውስጥ በክረምቱ እርጥበት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ደረሰኝ ዓመት ሳይሞላው ነጭ ወረቀት ሆኖ አግኝቼ አውቃለሁ። በተቀበላችሁበት ቀን ኮፒ አድርጉትና ከዋናው ጋር በስቴፕለር አያይዙት።