አራቱንም «ፍጥነት» ስንላቸው

«ጎንደር፣ ማራኪ ግቢ ነው የምማረው። ለኔትወርክ ፈተና ስናጠና ባንድዊድዝን፣ ትሩፑትን፣ ሌተንሲንና ጉድፑትን ሁሉንም "ፍጥነት" እያልን እንደናገራለን። በአማርኛ እንዴት እንለያቸው?»

«ፍጥነት»ን ለጊዜው ተዉት። ሌተንሲ የሚለካው በሚሊሰከንድ ስለሆነ «መዘግየት» ብትሉት ይበቃል። ሦስቱ ግን በሜጋቢት በሰከንድ ነው የሚለኩት፤ የሚያምታቱትም ለዚህ ነው። እነሱን በግስ ለዩዋቸው። ባንድዊድዝ መስመሩ ማሳለፍ የሚችለው ነው። ትሩፑት በተግባር ያለፈው ነው። ጉድፑት ካለፈው ውስጥ ለተጠቃሚው የደረሰው፣ የሚፈልገው ዳታ ብቻ ነው። ስሞቹን እንዳሉ ብትወስዷቸው ቅር አይለኝም። ለቦትልኔክ ግን «ማነቆ» እያለልን መዋሱ ምን ይባላል?

ፈተናው የሚያጠምደውም እዚሁ ማነቆው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ መጣ እንበል። ከዶርም እስከ ግቢው ራውተር ያለው መስመር 20 ሜጋቢት በሰከንድ ሲሆን የአንድ ተማሪ ብቻ ነው። ከግቢው የሚወጣው መስመር 100 ነው፤ 10 ተማሪዎች እኩል ይካፈሉታል። አዲስ አበባ ያለው ሰርቨር መስመር 1000 ነው። ተማሪዋ ባለ 15 ሜጋባይት ፋይል ታወርዳለች። ትሩፑቱ ስንት ነው?

ብዙው ተማሪ ትንሹን ቁጥር አይቶ 20 ብሎ ይጽፋል። ተሳስቷል። 100 ለ10 ሲካፈል ለእሷ የሚደርሳት 10 ነው። ማነቆው ባለ 100ው መስመር ነው ማለት ነው። መጀመሪያ የእያንዳንዱን መስመር ድርሻ አውጡ፣ ከዚያ ትንሹን ምረጡ። «የዶርሙ መስመር ወደ 50 ቢያድግስ?» ከተባለም መልሱ ያው 10 ነው።

አሁን ጊዜውን እናስላ። ባይትን ወደ ቢት መቀየር እንዳትረሱ፤ ስንቱን ማርክ የሚበላው እሱ ነው። 15 በ8 ሲባዛ 120 ሜጋቢት ይሆናል፤ ለ10 ሲካፈል 12 ሰከንድ። ጉድፑት ከተጠየቀ ግን ከ1500 ባይት ፓኬት ውስጥ 40ው የአይፒና የቲሲፒ ሄደር ነው፤ ለፋይሉ የሚቀረው 1460 ነው። ስለዚህ ጉድፑቱ 9.73 ገደማ ይሆናል፣ ፋይሉም 12.3 ሰከንድ ይፈጃል። ፓኬት ጠፍቶ በድጋሚ ከተላከ ደግሞ መስመሩ እንደተጨናነቀ ጉድፑቱ ብቻ ይወርዳል።

መዘግየቱ ሌላ ሂሳብ ነው። የፋይበሩ ርዝመት 700 ኪሎ ሜትር ነው ከተባለ፣ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የአንድ አቅጣጫ ጉዞው ብቻ 3.5 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ባንድዊድዙን አሥር እጥፍ ብታሰፉት ይህ ቁጥር ንቅንቅ አይልም።