ስቶሪው ላይ ምን ይጻፍ፣ ዴፊኒሽን ኦፍ ደን ላይ ምን ይግባ

ጥያቄ፦ "ሰላም ግሩፕ፣ በቅርቡ ፕሮዳክት ኦነር ሆኜ ተመደብኩ፣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ቲኬት አፕ ነው ምንሰራው። ዩዘር ስቶሪ ስጽፍ ዴቨሎፐሮቹ ግልጽ አይደለም ይሉኛል፣ ዘርዝሬ ስጽፍ ደሞ በዛ ይሉኛል። አክሰፕታንስ ክራይቴሪያና ዴፊኒሽን ኦፍ ደን ይምታቱብኛል፣ የቱ ምን ውስጥ ነው ሚገባው? የሰራችሁበት ካላችሁ እስቲ በምሳሌ።"

መልስ፦

እህቴ እኔ ቲኬትና ክፍያ ያለባቸው ሲስተሞች ላይ ቆየት ብያለሁ፣ ስለዚህ በራስሽ አፕ ላስረዳሽ። መለያው ከባድ አይደለም፣ የጻፍሽውን መስመር አንስተሽ ሚቀጥለው ስቶሪ ላይም ሳይቀየር ይለጠፋል ወይ ብለሽ እዪው። "ኮዱን ሌላ ሰው አይቶታል"፣ "ቴስት ሰርቨር ላይ ተሞክሯል" ምናምን ሚሉት የትኛውም ስቶሪ ላይ ስለሚገቡ ዴፊኒሽን ኦፍ ደን ናቸው፣ ቲሙ አንዴ ይስማማባቸዋል ከዛ በየካርዱ አይደገሙም። "የተመረጠ መቀመጫ ለ10 ደቂቃ ይያዛል" ሚለው ግን የዛች የአንዷ ስቶሪ ጉዳይ ነው፣ አክሰፕታንስ ክራይቴሪያ ማለት እሱ ነው። "በዛ" ያሉሽ ሁለቱን ቀላቅለሽ እየጻፍሽላቸው ይመስለኛል።

አሁን ስቶሪውን እንጻፈው። "እንደ ተሳፋሪ፣ መቀመጫ መርጬ በቴሌብር ከፍዬ ቲኬቴን ስልኬ ላይ መያዝ እፈልጋለሁ፣ ቲኬት ለመቁረጥ ብቻ መናኸሪያ ድረስ እንዳልመላለስ።" ይሄ "እንደ እገሌ፣ ይሄን እፈልጋለሁ፣ ለዚህ ብዬ" ሚለው አጻጻፍ በ2001 አካባቢ ኮኔክስትራ ሚባል የለንደን ካምፓኒ ውስጥ የተጀመረ ልምድ ነው እንጂ ህግ አይደለም፣ 2020 የወጣው ስክረም ጋይድ ዩዘር ስቶሪ ሚለውን ቃል ራሱ አያነሳም። ብዙ ሰው የመጨረሻዋን "ለዚህ ብዬ" ምትለዋን ለወግ ያህል ነው ሚሞላት፣ እኔ ግን ትልቁ ስራ እሷ ላይ ነው ያለው እላለሁ። ለምን መሰለሽ፣ አፑ ቲኬት ሰጥቶ ሲያበቃ አውቶቡሱ በር ላይ ረዳቱ "ወረቀት አምጣ" ካለው ተሳፋሪው ያው ቢሮ ሄዶ ማሳተሙ ነው፣ ኮዱ በትክክል ሰርቶ ስቶሪው ግን አልተሳካም ማለት ነው። ስለዚህ ረዳቱ በምን ያጣራል ሚለው ጥያቄ ከዛች መስመር ነው ሚወጣው፣ መልሱ ደሞ ክራይቴሪያ ይሆናል፦ ቲኬቱ ላይ አጭር ቁጥር አለ፣ ያው ቁጥር በኤስኤምኤስም ይላካል፣ ረዳቱ እጅ ላይ ያለው የተሳፋሪ ዝርዝር ላይም አለ።

ክራይቴሪያ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ አትጻፊ። አንድ ዴቨሎፐርና አንድ ቴስተር ይዘሽ ግማሽ ሰአት ተነጋገሩ፣ ቴስተር ከሌላችሁ ነገር ማበላሸት ሚወድ ሰው ፈልጊ። እዛ ሚነሱት ጥያቄዎች ናቸው ክራይቴሪያ ሚሆኑት። ለምሳሌ ቢሮ ያለው ቲኬት ቆራጭ ያንኑ መቀመጫ በእጅ እየሸጠ ነው ወይስ አፑን ነው ሚያየው? ይሄ ካልተመለሰ የ10 ደቂቃው ነገር ሁሉ ዋጋ የለውም፣ አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ይመጣልሻል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ለአፑ ብቻ የተለዩ መቀመጫዎች መድቤ እጀምርና ቢሮውን ማገናኘቱን ሌላ ስቶሪ አደርገዋለሁ።

ከክፍያው ላይ አንዱን ጠጋ ብለን እንየው፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ቲም ሚወድቀው። ተሳፋሪው ፒኑን አስገብቶ ከከፈለ በኋላ ሁለት ነገር ይፈጠራል፣ አንደኛው ስልኩ ወደ አፑ ይመለሳል፣ ሁለተኛው ደሞ የክፍያው ሲስተም ለእናንተ ሰርቨር "ተከፍሏል" ብሎ መልእክት ይልካል። ሁለቱ አብረው አይመጡም። ስልኩ ኔትወርክ ጠፍቶበት ጭራሽ ላይመለስ ይችላል፣ የሰርቨሩ መልእክት ደሞ ሊዘገይ ወይ ሁለቴ ሊመጣ ይችላል። "ክፍያ ሲሳካ ቲኬት ይሰጠዋል" ብለሽ ብቻ ከጻፍሽ ዴቨሎፐሩ ግልጽ አይደለም ቢልሽ እውነቱን ነው። እኔ እንዲህ ነበር ምጽፈው፦

መቀመጫ ተይዞ እያለ የክፍያ ማረጋገጫ ከመጣ፣ ተሳፋሪው አፑን ዘግቶትም ቢሆን ቲኬቱ "የኔ ቲኬቶች" ውስጥ ይገኛል ኤስኤምኤስም ይደርሰዋል።
የአንድ ክፍያ ማረጋገጫ ሁለቴ ቢመጣ አንድ ቲኬትና አንድ ኤስኤምኤስ ብቻ ይወጣል።
10 ደቂቃው ካለፈ በኋላ ማረጋገጫ ቢመጣና መቀመጫው ገና ክፍት ከሆነ ለሱ ይሰጣል።
10 ደቂቃው አልፎ መቀመጫው ለሌላ ሰው ከተሸጠ፣ እዛው አውቶቡስ ላይ ሌላ ወንበር ይቀርብለታል፣ ካልፈለገ ወይ ከሌለ ብሩ ተመላሽ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ ለተሳፋሪውም በኤስኤምኤስ ይነገረዋል።

የመጨረሻዋን ልብ በያት፣ ወንበር ይቀየርለት ወይስ ብሩ ይመለስ ሚለው የቢዝነስ ውሳኔ ነው፣ ካልጻፍሽው ዴቨሎፐሩ ማታ ላይ ብቻውን ይወስንልሻል። በተቃራኒው መቀመጫውን ዳታቤዝ ውስጥ በምን መንገድ እንደሚይዘው አንቺ አትጻፊለት፣ እሱ የራሱ ስራ ነው። "ይሄ እያለ፣ ይሄ ሲደረግ፣ ይሄ ይሆናል" ተብሎ ሚጻፈውን ጊቨን ዌን ዜን ሚባለውን ቅርጽ ሚያመልኩ አሉ፣ ሁኔታው ሲወሳሰብ ጥሩ ነው ግን ለቀላል ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ ዋናው ቴስተሩ አንብቦ "አለፈ" ወይ "ወደቀ" ማለት መቻሉ ነው። "ፈጣን ይሁን" ሚለውን አለፈ ወደቀ ማለት አይቻልም፣ "የመቀመጫው ዝርዝር በ3ጂ ከ5 ሰከንድ ባልበለጠ ይከፈታል" ሚለውን ግን ሰአት ይዞ መለካት ነው።

ሰአት ሲባል ትዝ አለኝ፣ ሰርቨሩ 06:00 ያለው ለተሳፋሪያችን ከጠዋቱ 12 ሰአት ነው። ቲኬቱ ላይ 06:00 ብቻ ከታተመ በኛ አቆጣጠር 6 ሰአት መስሎት እኩለ ቀን ላይ ሚመጣ ሰው ይኖራል፣ አውቶቡሱ ከሄደ 6 ሰአት ሞልቶታል። መጀመሪያ ይሄን የቲኬቷ ስቶሪ ክራይቴሪያ አድርጊው። ከዛ የጉዞ ማስታወሻ ኤስኤምኤሱም፣ የስረዛ ገጹም ላይ ሰአት መታየት ሲጀምር ወደ ዴፊኒሽን ኦፍ ደን አዛውሪው፦ "ተጠቃሚ ሚያየው ሰአትና ቀን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑ ተጽፎ ይወጣል።" ዴፊኒሽን ኦፍ ደን እንዲህ ነው ሚያድገው፣ ከኢንተርኔት የተገለበጠ 20 መስመር ማንም አያየውም። ለመጀመሪያ ኮድ በሌላ ሰው መታየቱ፣ ክራይቴሪያዎቹ ቴስት ሰርቨር ላይ ማለፋቸው፣ ርካሽ አንድሮይድ ስልክ ላይ መሞከሩና ይቺ የሰአቷ ነገር ይበቃችኋል። ዛሬ ማትችሉትን ለምሳሌ ሁሉም ነገር አውቶሜትድ ቴስት ይኑረው ምናምን አታስገቡ፣ አንዴ መጣስ ከለመዳችሁ ሌላውም አብሮ ይጣሳል።

ስፕሪንቱ ሲያልቅ ሶስቱ ክራይቴሪያ አልፎ የተመላሹ ካላለፈ ስቶሪው አላለቀም፣ "90 ፐርሰንት" ሚባል ነገር የለም፣ ወደ ባክሎግ ይመለሳል። ዴፊኒሽን ኦፍ ደንን ያላሟላ ደሞ ስክረም ጋይዱ ራሱ ሪሊዝ ይቅርና ስፕሪንት ሪቪው ላይ እንኳን አይቅረብ ነው ሚለው። በየስፕሪንቱ እንደዛ ሚሆንብሽ ከሆነ ስቶሪሽ ትልቅ ነው፣ ክራይቴሪያው ከ7 ከ8 ሲያልፍ እኔ መቁረጥ እጀምራለሁ። ስትቆርጪ ግን ስክሪኑን አንድ ስቶሪ ሰርቨሩን ሌላ ስቶሪ አታድርጊ፣ ብቻቸውን ለተሳፋሪ ምንም አይሰሩለትም። በሁኔታው ቁረጪ፦ በጊዜው የተከፈለ አንድ ስቶሪ፣ ዘግይቶ የመጣ ክፍያ ሌላ ስቶሪ። ሁለተኛው እስኪሰራ ድረስ የዘገየ ክፍያ ሲመጣ ቢሮ ያለ ሰው ዝርዝሩን አይቶ በእጁ ይመልሳል፣ ይሄንንም የመጀመሪያው ስቶሪ ክራይቴሪያ ውስጥ አንድ መስመር አድርገሽ ጻፊው፣ ማን እንደሚያየውና በስንት ሰአት ውስጥ እንደሚመልስ ጭምር።